መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የኤሌክትሪክ መኪና መያዝ፦ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ተሞክሮዬ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «መብራት ሲጠፋ ምን ልትሆን ነው?» እኔም ሳልገዛ በፊት የምፈራው እሱኑ ነበር። አሁን ግን አንድ ዓመት ከአራት ወር ነድቼዋለሁ፣ ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄጄበታለሁ፣ እና መብራት መጥፋቱ ካስቸገሩኝ ነገሮች ሦስተኛው ነው። አንደኛው የቤቱ ሽቦ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ መብራቱ ኖሮም ጉልበት ሲያጣ ነው። ይሄን ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ነው እንደዚህ አርዝሜ የምጽፈው።

መኪናዋ ቢዋይዲ ሲጉል ነች፣ ትንሿ፣ ባትሪዋ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘው። ወረቀቱ ላይ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል፣ ያ በቻይና መለኪያ ነው፣ እሱን እርሱት። አዲስ አበባ ውስጥ ዳገቱም ትራፊኩም ተደምሮ እኔ ጋ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች፣ ስለዚህ ከሙሉ እስከ ባዶ 300 አይሞላም። ባዶ ድረስ ደግሞ ማንም አይነዳም።

የምኖረው ሰሚት አካባቢ ነው፣ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ። ከቤት ሥራ ደርሶ መልስ፣ ልጅ ማድረስ ምናምን ተደምሮ በቀን 45 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። እስቲ ይሄን አብረን እንቁጠረው ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ሂሳብ ላይ ነው። 45 ኪሎ ሜትር ማለት ከባትሪው ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ማለትም 15 ፐርሰንት። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክን ስላለ ከግድግዳው የሚወጣው 6.7 ይሆናል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ቻርጀር 10 አምፒር ነው የሚስበው፣ ሰፈራችን ሌሊት ላይ 205 ቮልት አካባቢ ስለሚሰጥ 2 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ጉዞዬን ለመተካት የምፈልገው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ብቻ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰዓት ተኩል! እሷም ካጣሁ ዛሬ ሳልሞላ ነገ እሞላለሁ፣ ምክንያቱም ሙሉ ከሆነች አምስት ቀን ያለምንም ቻርጅ ታስኬደኛለች። ለዚህ ነው መብራት ጠፋ ሲባል እንደ ድሮው የማልደነግጠው፣ ከመኪናዋ ይልቅ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሥጋ ነው የሚያሳስበኝ።

አሁን ወደ ችግሩ።

መኪናዋ የመጣች ሳምንት ስፒናው አልገባ አለኝ። የቻይና ስፒና ነው፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው፣ የኛ ቤት ሶኬት ደግሞ ክብ ቀዳዳ ነው። መርካቶ ሄጄ አዳፕተር ገዛሁ፣ ያቺን ነጭ ትንሽዬዋን፣ ሰካሁ፣ ሠራች፣ ደስ አለኝ። በዘጠነኛው ቀን ሌሊት አከራያችን በሬን ደበደቡት።

«አንተ ልጅ! ተነስ! የሆነ ነገር እየነደደ ነው!»

ስወጣ ግቢው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። እትዬ ለውሃ ተነስተው ነው የሸተታቸው። ቆጣሪው ጋ ሄጄ ብሬከሩን አወረድኩና ሶኬቱን ሳየው አዳፕተሩ ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር አንድ ሆኗል፣ ግድግዳው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያክል ጥቁር አለ። ብሬከሩ ለምን ራሱ አልወረደም ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ብሬከር የሚያየው ስንት አምፒር እንዳለፈ ነው፣ ያለፈው 10 አምፒር ብቻ ነበር፣ እሱ አካባቢ ምንም ችግር የለም። ችግሩ የአዳፕተሯ ውስጥ ብረት ልል ነው፣ በደንብ ሳይነካካ 10 አምፒር ለሰዓታት ሲያልፍበት እዛችው ነጥብ ላይ ይግላል። ካውያ ለአስር ደቂቃ ይሰካል፣ ምጣድም ጋግረሽ ታጠፊዋለሽ፣ መኪና ግን ስድስት ሰባት ሰዓት ሳያቋርጥ ነው የሚስበው። ቤታችን ውስጥ እንደዛ የሚሠራ ሌላ ዕቃ የለም።

በማግስቱ እትዬ ቁጭ አድርገው አናገሩኝ። «ቤቴን ልታቃጥለው ነው እንዴ?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ ይሄ እኮ ከእርስዎ ምጣድ ያነሰ ነው የሚስበው» አልኳቸው፣ እውነት ነው፣ ምጣዱ 3500 ዋት ነው። «ምጣዴ ግድግዳ አቃጥሎ አያውቅም» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ። ያደረግነው ይሄ ነው፤ ከቆጣሪው ሥር ካለው የብሬከር ሳጥን ለመኪናዋ ብቻ የሆነ መስመር በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሳበ፣ 12 ሜትር ሆነ፣ ለብቻው ባለ 20 አምፒር ብሬከር አደረገለት፣ ከሱ ጋር ሰው ኮረንቲ ሲይዘው የሚያቋርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፒር ብሬከር አስገባ። ሶኬቱን ደግሞ ራሱ የቻይናው ስፒና የሚገባበትን ባለ 16 አምፒር ፈልገን ገዛን፣ አዳፕተር የሚባል ነገር ቀረ። ዲቫይደር ላይማ ጭራሽ እንዳታስቡት።

ያኔ ሌላ ነገር ተገለጠ። አዲሱ ሶኬት ላይ ስንሰካው ቻርጀሩ ቀይ አበራና አልሠራም አለ። ለካ ቤቱ ግራውንድ፣ ማለትም ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፣ የለውም፤ የሶኬቱ ሦስተኛ ሽቦ አለ፣ ግን የትም አልተያያዘም። አዳፕተሩ ላይ እንዴት ሲሠራ እንደነበር እኔም ገርሞኝ ነበር፣ ኤሌክትሪሺያኑ ፈታቶ ሲያየው የአዳፕተሯ ግራውንድ ከኒውትራሉ፣ ማለትም ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ ጋር በቁራጭ ሽቦ ተገናኝቷል፣ ቻርጀሩ እንዲታለል ተብሎ። ይሄ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም መንገድ ላይ ኒውትራሉ ቢበጠስ የመኪናዋ ብረት በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል፣ ልጅህ በሩን ሊከፍት ሲነካ በቃ። እኛ አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ ግቢው ጥግ አፈሩ እርጥብ የሆነበት ቦታ (ልብስ ማጠቢያው ጋ) ቀበርንና ከዛ ሽቦ ሳብን፣ ቀዩ ጠፋ። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን «ይሄን እኮ በቀላሉ አሠራልሃለሁ» ብሎ ያንኑ ቁራጭ ሽቦ ሊሠራላችሁ ይችላል፣ ሲሠራ ቆማችሁ እዩት።

ደህና መሆኑን የማውቅበት ዘዴ ቀላል ነው። ቻርጅ ከጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በእጄ እነካዋለሁ፣ ለብ ካለ ደህና ነው፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ የሆነ ቦታ ልል አለ። ሁለተኛው ቮልቱን ማየት ነው፣ የኔ ቻርጀር ሳጥኑ ላይ ስክሪን አለው፤ ሳይስብ 208 አሳይቶ መሳብ ሲጀምር 204 ቢሆን ጤነኛ ነው፣ በአሮጌው ሶኬት ግን ከ208 ወደ 193 ይወርድ ነበር። ያቺ የጠፋችው 15 ቮልት በ10 አምፒር ስትባዛ 150 ዋት ነች፣ እሷ ናት መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ሙቀት የምትሆነው። ያኔ ባውቅ ኖሮ ግድግዳው አይጠቁርም ነበር።

አሁን የመብራቱ ጉልበት። ሰፈራችን ከማታው 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ምድጃም ምጣድም ይለኩሳል፣ ቮልቱ 180 ይገባል፣ አንዳንዴ ከዛም በታች። የኔ ቻርጀር 175 አካባቢ ሲደርስ ያቆማል። መጀመሪያ ላይ ከሥራ እንደገባሁ ነበር የምሰካው፣ ጠዋት ስነሳ ምንም አልሞላም። የባሰው ደግሞ አንዳንድ ቻርጀር አንዴ ካቆመ ወይም መብራት ጠፍቶ ከመጣ ራሱ አይቀጥልም፣ ነቅለህ እስክትሰካው ቀይ እንዳበራ ያድራል። ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ፈትኑት፤ ቻርጅ እያደረገ ብሬከሩን አውርዱት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት፣ ራሱ ከቀጠለ ጥሩ ነው፣ ካልቀጠለ ሌላ ቻርጀር ፈልጉ፣ ምክንያቱም መብራት በሌሊት ሁለቴ በሚሄድበት ሰፈር ያ ዕቃ እንቅልፍ ነው የሚያሳጣችሁ። የኔ ይቀጥላል፣ እሱ ዕድል ነው እንጂ አውቄ አይደለም የገዛሁት።

ስለዚህ ሰዓት ቀየርኩ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት እንዲሞላ አደርጋለሁ፣ ያኔ ቮልቱ ከ205 በላይ ነው። ምሽት ላይ የግድ ካስፈለገኝ አምፒሩን ወደ 8 ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ቻርጀሩ ላይ ቁልፍ አለችው፣ ቀስ ብሎ ይሞላል ግን አያቋርጥም። እዚህ ላይ ትልቅ ቻርጀር ልግዛ፣ ባለ 32 አምፒር፣ ቶሎ ይሙላልኝ የሚል ሰው አለ። መኪናዋ ከቤት መስመር የምትቀበለው እስከ 6.6 ኪሎ ዋት ነው፣ ያ ወደ 30 አምፒር ማለት ነው፣ የግቢያችን ዋና ብሬከር ደግሞ 25 ነው። የምን ትልቅ?

10 አምፒርም ራሱ ቅዳሜ ጠዋት አጣልቶናል። እትዬ ቅዳሜ ነው የሚጋግሩት። ምጣዱ 16 አምፒር፣ መኪናዋ 10፣ ፍሪጅ፣ የሌላው ተከራይ ማሞቂያ። ብሬከሩ ደግሞ ትንሽ ብቻ ሲያልፍበት ወዲያው አይወርድም፣ ቀስ እያለ ሞቆ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው የሚወርደው፣ ማለትም ልክ ሰባተኛው እንጀራ ምጣድ ላይ እያለ። ሁለት ቅዳሜ ከተደጋገመ በኋላ አርብ ማታ ሞልቼ ቅዳሜ እስከ ቀትር መንቀል የግቢው ሕግ ሆነ። ጥፋቱ የኔ ስለነበር አልተከራከርኩም።

ስለ ክፍያው ደግሞ ትንሽ። ቆጣሪው ለሦስት ተከራይ አንድ ነው፣ ድሮ እኩል ነበር የምንካፈለው። መኪናዋ ስትመጣ ጎረቤቶቼ ቢያጉረመርሙ እውነት አላቸው፣ እኔ በወር ከ170 እስከ 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻዬን እጨምራለሁ፣ ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል ስለሆነ የነሱንም ይጎትተዋል። በመኪናዋ መስመር ላይ ትንሽ ዲጂታል ቆጣሪ አስገባሁ፣ በየወሩ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ፣ የግቢውን ጭማሪ ከነሙሉው ከፍ ባለው ዋጋ እኔ እከፍላለሁ። ለማወዳደር፣ አሮጌዋ ቪትዜ ለዚሁ መንገድ በወር 80 ሊትር ገደማ ትጠጣ ነበር። 80 ሊትር ቤንዚንና 175 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በራሳችሁ ቢል ላይ ባለው ዋጋ አስሉት፣ ሰልፉን ሳትጨምሩ።

ያቺ የምትፈራ ረጅሟ መጥፋት ግን ደርሳለች። በክረምት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና አራት ቀን ጨለማ ሆንን። የመጀመሪያው ቀን ባትሪው 71 ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ 26 ሲል ወደ ከተማ ወጥቼ ፈጣን ቻርጀር ፈለግኩ። ኢትዮ ቴሌኮም 2017 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከከፈተ ወዲህ በቴሌብር ከፍሎ መሙላት ይቻላል፣ ሌሎችም አሉ። እኔ የሄድኩበት ሌላ ቦታ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ከ26 እስከ 80 ለመሙላት አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከ80 በኋላ ፍጥነቱ ስለሚወርድ ነቅዬ ወጣሁ፣ ከኋላ የተሰለፈውንም ሰው ላለማስቆጣት። ከዛ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ፦ 20 እስኪደርስ አልጠብቅም፣ መብራትና ጥሩ ቮልት ካለ ሰባ ላይም ብትሆን እሰካለሁ። «ባትሪውን ታበላሸዋለህ» የሚሉኝ አሉ፣ ይሄኛው ባትሪ የብረት ፎስፌት ዓይነት ስለሆነ መሙላቱን ይችለዋል፣ እንዲያውም የቀረውን ፐርሰንት በትክክል እንዲያሳይ አልፎ አልፎ 100 መድረስ አለበት።

መብራቱ ሲመለስስ? አደጋው እዛ ነው። ሲመጣ ይዘላል፣ አንዴ 250 አንዴ 170። ለዚህ ብሬከሩ አጠገብ የምትገባ የቮልት መከላከያ አለች፣ ከ180 በታችና ከ250 በላይ ሲሆን እንድታቋርጥ፣ ሲስተካከል ደግሞ ሦስት ደቂቃ ጠብቃ እንድትመልስ አድርጌ አስተካክያታለሁ። ካወጣሁት ሁሉ ያልቆጨኝ ብር የሷ ነው።

ጄኔሬተርም ሞክሬያለሁ፣ የጎረቤት ትንሹን። ቻርጀሩ ግራውንድ የለም ብሎ ቀይ አበራ፣ እንደዛ ያለ ጄኔሬተር ኒውትራሉ ከመሬት ጋር ስለማይያያዝ ነው። ቢሠራስ? ትንሽ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሰጥ ነው፣ ያ መኪናዋን 14 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል፣ ማለትም ቪትዟ ነች በሌላ መንገድ።

ከከተማ መውጣት ላይ ግን አልዋሽም፣ እዚህ ላይ ይከብዳል። ሐዋሳ ሄድን፣ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ90 ሳላልፍ። ሙሉ አድርጌ ወጣሁ፣ ወደ 700 ሜትር ቁልቁለት ስላለው መኪናዋ እየወረደች ትንሽ መልሳ ትሞላለች፣ 18 ፐርሰንት ይዤ ገባሁ። ቀድሜ ደውዬ «ሶኬት አለ» ያለኝ ሆቴል ስደርስ መብራት የለም፣ ጄኔሬተሩ ለመብራትና ለኩሽና ብቻ ነው። ሌሊት መጣ። በ10 አምፒር ለመሙላት ወደ 18 ሰዓት ይፈልጋል፣ እያቋረጠ ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ወሰደ፣ ደግነቱ ለሁለት ሌሊት ነበር የሄድነው።

ስመለስ ያው መንገድ አይደለም። አሁን 700 ሜትሩን መውጣት አለብኝ፣ ከነሰውና ከነሻንጣው 1400 ኪሎ ይሆናል፣ ያንን ሽቅብ ማውጣት ብቻውን ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፣ 8 ፐርሰንት። ወረቀት ላይ ሳሰላው ሰሚት የምደርሰው በ6 ፐርሰንት ነው፣ በዛ ላይ ዳገቱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ ትራፊክ ቢይዘኝ ወይ ነፋስ ቢኖር ቱሉ ዲምቱ ጋ ቆሜ መቅረቴ ነው። ስለዚህ ዝዋይ ላይ ቆምን። ምሳ የበላንበት ቦታ ዘበኛውን ለምኜ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ጋ ያለ ሶኬት ላይ ሰካሁ፣ (ለሆቴሉ የመብራት ከፈልኩ፣ ለሱም ጉርሻ) አሣ በልተን ሐይቁን አይተን ቡና ጠጥተን አራት ሰዓት ቆየን፣ 19 ፐርሰንት ገባ። ቤት በ25 ደረስን። ባለቤቴ «በቪትዙ ቢሆን ይሄኔ ተኝተን ነበር» አለችኝ፣ ልክ ነች። በዓመት ሁለቴ ከሆነ ይቻላል፣ በየወሩ ክፍለ ሀገር የምትሄዱ ከሆነ ግን ይሄ መኪና የናንተ አይደለም፣ ትልቅ ባትሪ ያለው ወይ ሌላ መላ ፈልጉ። ሌላ ሳልረሳው፣ የቻይና መኪኖች መሰኪያቸው የቻይና ዓይነት ነው፣ በዱባይ በኩል የመጡ የአውሮፓ ዓይነት ያላቸውም አሉ፣ ስትደውሉ «ቻርጀር አለ ወይ» ብቻ ሳይሆን የትኛው መሰኪያ እንደሆነ ጠይቁ።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ጓደኛዬ የኔን አይቶ ገዛ። ከመስኮት ሽቦ ማውረድ ሞከረ፣ ኮሚቴው ከለከለው፣ ልክ ናቸው። ከዛ በየሦስት አራት ቀኑ ሥራ ሲወጣ ፈጣን ቻርጀር ጋ መሰለፍ ሆነ፣ ሰዓቱም አለቀ፣ ከቤት መብራት የሚተርፈው ብርም አልተረፈም። በሰባተኛው ወር ሸጣት። መኪናዋ ምንም አልሆነችም፣ ሶኬት ያለው ማቆሚያ ነው ያጣው።

ባለፈው ወር ደግሞ የእትዬ ልጅ ሊገዛ አስቦ አማከረኝ፣ ቤቱ ከተማው ዳር ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ቮልት መለኪያ ሰጠሁትና ለአንድ ሳምንት ማታ 2 ሰዓት ላይና ሌሊት 6 ሰዓት ላይ እያየህ ጻፍ፣ መብራት የጠፋበትንም ሰዓት ጻፍ አልኩት። ማታ ማታ 160 ነው፣ ሌሊት 6 ሰዓትም 172 ላይ ቆሟል፣ ሁለት ሌሊት ጭራሽ አልነበረም። እስካሁን አልገዛም፣ መጀመሪያ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ለመስመሩ ማመልከቻ አስገብቷል።